ሰማዩ ጠራ፣ ሜዳው ግን አልደረሰም

መሥሪያ ቤታችን ለሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የስፖርት ቀን አዘጋጅቶ ነበር። 180 ሰው ተመዝግቧል። ሜዳው፣ አውቶቡሱና ድንኳኑ ተይዘዋል። ቀኑ ቅዳሜ ግንቦት 9፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። እኔ የአስተባባሪያችን ረዳት ነበርኩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ትንበያው ተለወጠ። አርብ ከቀትር እስከ ሌሊት መብረቅ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ 40 ከመቶ የዝናብ ዕድል ይላል። ሥራ አስኪያጃችን ቅዳሜን ብቻ አዩ። «40 እኮ ከግማሽ በታች ነው። እስከ አርብ ማታ እንጠብቅ» አሉ።

መጠበቅ የማይቻልበት ምክንያት ውሉ ውስጥ ነበር። አውቶቡሱም ድንኳኑም ያለ ቅጣት የሚሰረዙት 48 ሰዓት ሲቀራቸው ነው። ይህ ማለት ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል። የመወሰኛ ሰዓታችንን የቆረጠው ሰማዩ ሳይሆን ይሄ ውል ነው።

አስተባባሪያችን ደግሞ ያየችው አርብን ነው። የሜዳውን ጠባቂ ደውላ ጠየቀችው፦ «ወንድሜ፣ ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሜዳው መቼ ነው የሚያስሮጠው?» ሰውየው ሳያመነታ «ቢያንስ ሙሉ ቀን ፀሐይ ይፈልጋል፤ በተለይ በጎሉ በኩል ውሃ ይተኛል» አላት። በቃ። ቅዳሜ ጠብታ ባይወርድም ልጆች ጭቃ ላይ ሊሮጡ ነው። የቅዳሜ መቶኛ ምንም ቢሆን ለውጥ የለውም።

አንዱ ባልደረባችን «ድንኳን አለ አይደል?» ሲል ሐሳቡን አልናቀችበትም። ድንኳን ከካፊያ ያስጥላል፣ ከመብረቅ ግን አያስጥልም። ነጎድጓድ ከተሰማ ሰው ሕንፃ ወይም የተዘጋ መኪና ውስጥ መግባት አለበት። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል። ለ180 ሰው አንድ አውቶቡስ ይዘን፣ አጠገባችን ሕንፃ ሳይኖር፣ የት እናስገባቸዋለን? ሥራ አስኪያጁ እዚህ ላይ እጅ ሰጡ።

እኔ ወዲያው መልእክት ልጽፍ ተነሳሁ። «ቆይ ባክህ፣ መጀመሪያ ቀን እንያዝ» አለችኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ሜዳው ለሌላ ተይዟል። ግንቦት 23 ክፍት ነው፤ እስከ ማክሰኞ ያለ ክፍያ ሊይዙልን ተስማሙ። አውቶቡሱና ድንኳኑም በዚያ ቀን አሉ። ሦስቱም እሺ ካሉ በኋላ ነው የጻፍነው፤ ረቡዕ ማታ፦

«የቅዳሜ ግንቦት 9 የስፖርት ቀን ተሰርዟል። አርብ ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ ሜዳው ለቅዳሜ አይደርስም። ያሰብነው አዲስ ቀን ቅዳሜ ግንቦት 23፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ እዚያው ሜዳ ነው። የቀድሞው ምዝገባ አይቆጠርም፤ መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሰኞ 11 ሰዓት አሳውቁን።»

ሥራ አስኪያጁ «ተሰርዟል» የምትለዋ ከረረችባቸው። «ሊዛወር ይችላል» ብንልስ? አስተባባሪያችን አልተቀበለችም። እንዲያ ከተጻፈ ግማሹ ሰው ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ሌላው የሥራ ክፍል ደግሞ ሦስት አማራጭ ቀን ሰጥተን ድምፅ እናሰባስብ አለ። እሱንም ተወችው። እኔም እውነቷን ነው እላለሁ፤ 180 ሰው ሦስት ቦታ ሲከፈል ማንም ቀን አያሸንፍም፣ እስከዚያም ሜዳው ያመልጣል። አንድ ቀን አቀረበች፣ መውጫ ግን አስቀመጠች፦ እስከ ሰኞ እሺ ያለው ከ100 ሰው በታች ከሆነ ማክሰኞ ሜዳውን ትተን ሌላ ቀን እንፈልጋለን።

የቀረው ሥራ አሰልቺው ነው። የቀን መቁጠሪያው ላይ አዲስ ግብዣ አልላክንም፤ የድሮውን ቀን ቀየርን። አለበለዚያ የግንቦት 9ኙ እዚያው ቁጭ ብሎ ሰው ያሳስታል። የማታ ፈረቃ ሠራተኞችና እረፍት ላይ ያሉት መልእክት ላያዩ ስለሚችሉ፣ ስም እየጠራን ደወልን። ያልተገኙ አራት ሰዎች ነበሩ። ለእነሱ ስንል ቅዳሜ ጠዋት እኔ ሜዳው በር ላይ ቆምኩ።

ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለላችሁ! ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ አስኪያጁ ደወሉ። «ኧረ ፀሐይ ወጣ እኮ! በከንቱ ሰረዝነው?» የጎሉን አካባቢ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። ውሃው የጎሉን ብረት ከብቦ ተኝቷል። ካልተገኙት አራቱ አንዱ ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ። እሱም ሜዳውን አይቶ ምንም አላለም፤ ስሙን እዚያው ለግንቦት 23 መዘገብኩት።

ሰኞ 11 ሰዓት ላይ 131 ሰው እሺ ብሎ ነበር። አስተባባሪያችን ማክሰኞ ሜዳውን አስጸናች። የሚቀጥለውን የመወሰኛ ሰዓትም በዚያው ዕለት ለሁሉም አሳወቀች፦ ረቡዕ ግንቦት 20፣ ማታ 12 ሰዓት።