በስምንት ናሙና ላይ፦ በ2 መቀነስና በ2 ማብዛት

የዚህ ዙር ማስታወሻ ስለ ዳውንሳምፕሊንግና አፕሳምፕሊንግ ነው። ረጅም የድምፅ ፋይል ከመክፈት ይልቅ በወረቀት ላይ የሚሰላ ምሳሌ ይሻላል። በፋይል ላይ «ትንሽ ተበላሸ» ተብሎ የሚታለፈው ነገር እዚህ ቁጥር ሆኖ ቁጭ ይላል።

የናሙና ፍጥነቱ 8000 ሄርዝ ነው። ሲግናሉ የሁለት ኮሳይኖች ድምር ነው፤ አንዱ 1000 ሄርዝ፣ ሌላው 3000 ሄርዝ፣ የሁለቱም አምፕሊቲዩድ 1። የምንፈልገው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ስምንቱ ናሙናዎች እነዚህ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ይደግማሉ፦

```
n         0    1      2    3      4    5      6    7
1000 Hz   1    0.707  0   -0.707 -1   -0.707  0    0.707
3000 Hz   1   -0.707  0    0.707 -1    0.707  0   -0.707
x         2    0      0    0     -2    0      0    0
```

ያለ ማጣሪያ ሲጣል

በ2 መቀነስ ማለት አንዱን ይዞ አንዱን መጣል ነው። ተጋማሽ ቦታዎችን፣ ማለትም 0፣ 2፣ 4፣ 6ን ብንይዝ 2፣ 0፣ -2፣ 0 ይወጣል። አዲሱ ፍጥነት 4000 ሄርዝ ስለሆነ ይህ ንጹሕ የ1000 ሄርዝ ኮሳይን ነው፤ አምፕሊቲዩዱ ግን 2 ሆኗል። 3000 ሄርዙ የትም አልጠፋም፤ ከ4000 ላይ 3000 ሲቀነስ 1000 ስለሚሆን ታጥፎ 1000 ላይ ተቀምጧል።

አሁን ከአንድ ናሙና በኋላ እንጀምርና 1፣ 3፣ 5፣ 7ን እንያዝ። ውጤቱ 0፣ 0፣ 0፣ 0 ነው። ሲግናሉ ያው ራሱ፣ ፍጥነቱም ያው፤ ነገር ግን የምንፈልገው 1000 ሄርዝ ጭምር ድምጥማጡ ጠፍቷል። ምክንያቱ ከላይ ባለው ሰንጠረዥ ላይ ይታያል። በተጋማሽ ቦታዎች ሁለቱ ኮሳይኖች አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው፣ ስለዚህ ይደመራሉ። በጎዶሎ ቦታዎች ምልክታቸው ተቃራኒ ነው፣ ስለዚህ ይጣፋሉ።

ይህ መታጠፍ ኤሊያሲንግ ይባላል። ብዙ ሰው ኤሊያሲንግን በሲግናል ላይ የሚጨመር ሹክሹክታ ወይም ጩኸት አድርጎ ያስበዋል። እዚህ ግን የሚወጣው ነገር ምንም ዓይነት ጩኸት የለውም። ንጹሕ ሞገድ ነው፣ መጠኑ ብቻ ውሸት ነው። በጆሮም በግራፍም «ጥሩ ይመስላል»። ከተጣለ በኋላ ደግሞ የትኛው ክፍል ከ1000፣ የትኛው ከ3000 እንደመጣ የሚለይ ማጣሪያ የለም፤ ሁለቱም አንድ ፍሪኩዌንሲ ሆነዋል። ማጣሪያው የግድ ከመጣሉ በፊት የሚገባው ለዚህ ነው።

ሰባት ኮፊሸንት ያለው ማጣሪያ

በ`M` ስንቀንስ ከ`fs/(2M)` በላይ ያለው መጥፋት አለበት። እዚህ `8000/4 = 2000` ሄርዝ ነው። በእጅ ለመሥራት የሚመች አጭር ሃፍባንድ ማጣሪያ ይኸውና፦

```
h = [-1, 0, 9, 16, 9, 0, -1] / 32
```

ድምሩ 1 ነው፣ ስለዚህ ዲሲን አይነካም። የመሃሉን 16 በምንፈልገው ናሙና ላይ አስቀምጠን ግራና ቀኙን እናባዛለን። `n=0` ላይ በማጣሪያው ስር ያለው ዜሮ ያልሆነ ቁጥር 2 ብቻ ነው፤ `2·16/32 = 1`። `n=1` ላይ ሁለት ቁጥሮች ይገባሉ፤ በግራ ያለው 2 ከ9 ጋር፣ በቀኝ ጫፍ ያለው -2 ከ-1 ጋር ይገናኛል፤ `0.5625 + 0.0625 = 0.625`። `n=2` ላይ ሁለቱም ቁጥሮች በማጣሪያው ዜሮዎች ላይ ስለሚያርፉ ውጤቱ 0 ነው። ሙሉው እንዲህ ይወጣል፦

```
v = 1, 0.625, 0, -0.625, -1, -0.625, 0, 0.625
```

አሁን ተጋማሾቹን እንያዝ፤ 1፣ 0፣ -1፣ 0። አምፕሊቲዩድ 1፣ በትክክል የፈለግነው። እዚህ ላይ ረክቶ መዝጋት ያምራል፣ ግን ወጥመድ ነው። ጎዶሎዎቹን ብንይዝ 0.625፣ -0.625፣ -0.625፣ 0.625 ይሆናል፤ ይህ አምፕሊቲዩዱ 0.884 የሆነ የ1000 ሄርዝ ሞገድ ነው። አንድ ሲግናል መነሻውን ስለቀየርን ብቻ መጠኑ ከተለወጠ ኤሊያሲንግ አሁንም አለ ማለት ነው።

የማጣሪያውን ምላሽ ስናሰላ ነገሩ ይገጥማል። 1000 ሄርዝን በ0.942 ያሳልፋል፣ 3000 ሄርዝን በ0.058 ያሳልፋል፣ ይህም ወደ -25 ዴሲቤል ይጠጋል። በተጋማሽ ቦታ `0.942 + 0.058 = 1`፣ በጎዶሎ ቦታ `0.942 - 0.058 = 0.884`። ያ የሚያምር 1 የሁለት ስህተቶች መካካስ ነበር።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መፈተሻ ይገኛል። የታወቀ ነጠላ ሞገድ ከሚታጠፍበት ጓደኛው ጋር አስገብታችሁ `v[::2]` እና `v[1::2]` ላይ አምፕሊቲዩድ ለኩ። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ ሞገዶች አብረው ስለሚጀምሩ የሁለቱ ውጤቶች አማካይ የእውነተኛው ሞገድ መጠን ነው፤ የልዩነታቸው ግማሽ ደግሞ ታጥፎ የገባው ነው።

የመዘግየቱ ነገር

`np.convolve(x, h, mode='same')` ማጣሪያውን መሃል ላይ ስለሚያስቀምጥ ከላይ ያለውን ስሌት ይሰጣል። `lfilter` ግን ያለፉትን ናሙናዎች ብቻ ስለሚጠቀም ውጤቱን በ3 ናሙና ያዘገያል። 3 ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ `[::2]` ስትሉ ሳታስቡት የጎዶሎውን ቡድን ታነሣላችሁ፣ 1 የጠበቃችሁበት 0.884 ይመጣል። ስህተቱ የማጣሪያው ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የመነሻ ቦታው ነው። `[3::2]` ያስተካክለዋል።

ልትጥሉት ያሰባችሁትን ናሙና መጀመሪያ ማስላትም ከንቱ ድካም ነው። `upfirdn` የሚቀሩትን ብቻ ያሰላል፣ በ2 ሲቀነስ ሥራው በግማሽ ይቀንሳል። እሱም ያው የ3 መዘግየት አለበት፤ ከማጣሪያው ፊት አንድ ዜሮ ብትጨምሩ መዘግየቱ 4 ይሆናል፣ ማለትም በአዲሱ ፍጥነት ልክ 2 ናሙና፦

```python
import numpy as np
from scipy.signal import upfirdn
y = upfirdn(np.r_[0, h], x, 1, 2)[2:]
```

ወደ ላይ ሲመለስ

አሁን 1፣ 0፣ -1፣ 0ን በ2 እናብዛ። በየናሙናው መካከል አንድ ዜሮ ሲገባ 1፣ 0፣ 0፣ 0፣ -1፣ 0፣ 0፣ 0 ይሆናል። ይህን ቁጥር አይተነዋል፤ የመጀመሪያው `x` ግማሽ ነው። `x` ደግሞ 1000 እና 3000 ሄርዝ እኩል የተደመሩበት ነበር። ስለዚህ ዜሮ መጨመር ብቻውን 3000 ሄርዝ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ግልባጭ ፈጠረ፤ አምፕሊቲዩዱም ለሁለት ተካፍሎ ለ1000 0.5፣ ለግልባጩ 0.5 ሆነ። ሲቀነስ ከ3000 ወደ 1000 የታጠፈው መንገድ ሲበዛ ከ1000 ወደ 3000 ይዘረጋል። አንድ ማጣሪያ ለሁለቱም የሚያገለግለው ለዚህ ነው፤ ልዩነቱ ሲቀነስ ከመጣል በፊት፣ ሲበዛ ግን ዜሮ ከገባ በኋላ መምጣቱ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጨመራል። በ`L` ሲበዛ ማጣሪያው በ`L` መባዛት አለበት፤ ያ ካልሆነ የጠፋው ግማሽ አይመለስም። ውጤታችሁ ቅርጹ ልክ ሆኖ መጠኑ በትክክል 6 ዴሲቤል ካነሰ ሌላ አትፈልጉ፣ የተረሳው ይህ 2 ነው።

በ`2*h` ስናጣራ 1፣ 0.625፣ 0፣ -0.625፣ -1 እያለ ይሄዳል። የነበሩት ናሙናዎች 1፣ 0፣ -1፣ 0 ሳይነኩ በቦታቸው ናቸው፤ ይህ የሃፍባንድ ማጣሪያ ጸባይ ነው፣ ከመሃሉ ሁለት ሁለት ቦታ የራቁት ኮፊሸንቶች ዜሮ ስለሆኑ። አዲስ የተሞላው ግን 0.707 መሆን ሲገባው 0.625 ነው። በቀጥተኛ መስመር ማያያዝ ብንጠቀም 0.5 እናገኝ ነበር። እሱም ቢሆን ማጣሪያ ነው፣ ኮፊሸንቶቹ `[1, 2, 1] / 2`፤ ግልባጩን በ0.146 ያሳልፋል፣ ወደ -17 ዴሲቤል። ለግራፍ ማሳያ ይበቃል፣ ለድምፅ አይበቃም።

የተሻለ ማጣሪያ ስንት ኮፊሸንት ይፈልጋል?

ርዝመቱን የሚወስነው የማቆሚያው ጥልቀትና የመሸጋገሪያው ስፋት ነው። እስከ 1600 ሄርዝ ያለውን ማዳን ከፈለግን፣ ከ2400 በላይ ያለውን ደግሞ በ60 ዴሲቤል መጣል፣ በካይዘር ቀመር 38 ይወጣል፤ ወደ ጎዶሎ ስናሳድገው 39፦

```python
from scipy.signal import firwin
h = firwin(39, 0.5, window=('kaiser', 5.65))
```

ከ2000 እስከ 2400 ያለው ክፍል ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ይታጠፋል። የሚያርፈው ግን ከ1600 እስከ 2000 ባለው ውስጥ ነው፤ ያንን ቦታ አስቀድመን ትተነዋል። ቆራጩን 2000 ላይ አድርጎ እስከ 1990 ድረስ ንጹሕ ለመጠበቅ መሞከር ግን ማጣሪያውን በአርባ እጥፍ ያስረዝመዋል። የሚጠቅመውን ክልል ትንሽ ማጥበብ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

39 ኮፊሸንት ብዙ ይመስላል፤ ዜሮዎቹን አውጥተን ጥንድ ጥንዶቹን መጀመሪያ ደምረን ብናባዛ ግን ለአንድ ውጤት 11 ማባዛት ብቻ ይቀራል። በዚህ ማጣሪያ ምሳሌያችንን ስንደግም በተጋማሹና በጎዶሎው መካከል ያለው የአምፕሊቲዩድ ልዩነት ከ0.002 አይበልጥም፣ አዲስ የተሞላውም ናሙና ወደ 0.707 ይጠጋል።

ጫፎቹን ግን አትመኑ። በ7ቱ ማጣሪያ ከ64 ናሙና ሲሠራ የመጨረሻው `v[63]` 0.625 መሆን ሲገባው 0.0625 ነው፣ ከዳር ውጭ ያለው እንደ ዜሮ ስለሚቆጠር። መጀመሪያው ላይ ስህተቱ አይታይም፤ እዚያ የጎደሉት ናሙናዎች በአጋጣሚ ዜሮ ናቸው። በ39ኙ ማጣሪያ ከየጫፉ 19 ናሙና ሳይቆጠር ይለካ።