ጣቴን ልቆርጥ ሄጄ የእንግዳውን እጅ ቆረጥኩ

ባለፈው እሁድ አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ በስልኬ ካነሳኋቸው ፎቶዎች አንዷን በጣም ወደድኳት። አክስቴ ግራ በኩል ተቀምጣ ወደ ቀኝ ሲኒ ታቀብላለች፣ በቀኙ ጠርዝ ደግሞ የሚቀበላት እንግዳ እጅ ብቻ ይታያል። ታች ግራ ጥግ ላይ ግን የኔው ጣት ተደንቅሯል። በሰፊው ሌንስ ሳነሳ ይሄ ነገር አይለቀኝም፤ ሌንሱ የስልኩ ጥግ አካባቢ ስለሆነ ጣት በቀላሉ ይገባበታል።

ፎቶዋ 4000 በ3000 ፒክስል ናት። ጣቱ ከግራ 420 ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እዚያው ላይ ቆረጥኩትና ዳሩ ላይ ቀላ ያለ ጭጋግ ቀረ። ሌንስ ላይ የተጠጋ ነገር ከፎከስ ውጪ ስለሆነ ጥርት ያለ ጠርዝ የለውም። የካሜራ ማንገቻም ያው ነው፣ ጥቁር ጥላ ይመስላል። አሁን ብርሃኑንና ኮንትራስቱን ለጊዜው ከፍ አድርጌ ነው ዳር ዳሩን የማየው፤ የቀረ ካለ ያኔ ይጋለጣል።

እሺ ብዬ ከግራ 500 ቆረጥኩ። ጣቱ ጠፋ፣ ፎቶዋም ተበላሸች። የአክስቴ ፊት ከግራ 1350 ላይ፣ ማለትም አንድ ሦስተኛው ገደማ ላይ ነበር። አሁን ከ3500 ውስጥ 850 ላይ ሆነ፣ ሩቡ ጋ። ጀርባዋ ጠርዙ ላይ የተለጠፈ መሰለ። ላመጣጥነው ብዬ ከቀኝም 500 ስቀንስ የእንግዳው እጅ አብሮ ሄደ፣ አክስቴም ሲኒዋን ለአየር ስታቀብል ቀረች! ለካ ዓይኗም ክንዷም የሚሄዱት ወደዚያ እጅ ነበር። እኔ ጠርዝ ላይ ያለውን ሁሉ እንደ ጉድፍ ነበር የማየው።

ሁሉንም መልሼ እንደገና አየሁት። ጣቱ ከታች ያለው ቁመት 600 ብቻ ነው። ታዲያ ከግራ ለምን እቆርጣለሁ? ከታች 600 አነሳሁ። ቄጠማውና የረከቦቱ እግር ሄዱ (ቄጠማው ትንሽ ቆጨኝ)፣ ሲኒዎቹ ግን ሁሉም አሉ። ፊቷ ከላይ 1000 ላይ ስለነበር አሁን ወደ መሃል ወረደ። ከላይም መጋረጃውን 150 ቀነስኩና 4000 በ2250 ሆነ፣ ልክ 16 ለ 9። ጎኖቹ አልተነኩም፣ ከአክስቴ እስከ እንግዳው ያለው መስመርም እንዳለ ነው።

ከዚያ ፎቶ ቤት ወስጄ በ10 በ15 አሳተምኩት። ወረቀቱ 3 ለ 2 ስለሆነ፣ ሙሉውን እንዲሞላ ማሽኑ ከግራም ከቀኝም በየጎኑ 300 ፒክስል ገደማ በላ። ያ ስንት የደከምኩበት እጅ ጣቱ ጫፍ ብቻ ቀርቶ መጣ። ሁለተኛውን ከላይና ከታች ነጭ ዳር ትተው እንዲያትሙልኝ ነግሬ፣ አሁን አክስቴ ሳሎን ተሰቅሏል።