የሕፃን የመጀመሪያ ዓመት ወጪ፦ ከዋጋው በፊት ብዛቱን በየወሩ ማስላት

የሕፃን ወጪ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «በወር ስንት ይፈጃል?» የሚል ነው። እኔ ሒሳቡን የጀመርኩት ግን ከብዛት ነው፤ በየወሩ ስንት ጣሳ ወተት፣ ስንት ዳይፐር፣ ስንት ልብስ፣ ስንት ጊዜ ሐኪም ቤት። ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፣ በየጊዜውም ይለወጣል። ሕፃኑ የሚጠጣው ወተት ግን ከክብደቱ ጋር ስለሚሄድ ቀድሞ ሊገመት ይችላል። ብዛቱ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ማባዛት ብቻ ነው፤ ዋጋ ሲጨምርም ሠንጠረዡን እንደገና መሥራት አያስፈልግም።

ሠንጠረዡ ላይ አሥራ ሁለት ወራት ለየብቻ አሉ። የዓመቱን ድምር ለ12 ማካፈል ቀላል ነው፤ ችግሩ አንዱም ወር ከዚያ አማካይ ጋር አለመግጠሙ ነው። ወተቱ እስከ 6 ወር ድረስ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ ይወርዳል። የዳይፐሩ ብዛት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል። ልብሱ ሕፃኑ በቁመት ባደገ ቁጥር አንዴ በብዛት ይገዛል፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ በጥቂት ወራት ላይ ተከማችቶ ይመጣል።

ለስሌቱ የወሰድኩት ጊዜውን ጠብቆ በ3.3 ኪሎ የተወለደና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፎርሙላ ወተት ብቻ የሚጠጣ ሕፃን ነው። ይህንን የመረጥኩት በወጪ በኩል ከባዱ እሱ ስለሆነ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ የወተቱ መስመር ባዶ ሊሆን ይችላል። ጡትም ጡጦም ለሚወስድ ሕፃን በቀን በጡጦ የሚሰጠውን ሚሊ ሊትር ቆጥሮ በዚያው መንገድ ማስላት ይቻላል።

የወተቱ ስሌት ከክብደት ይነሳል። ሕፃን ሌላ ምግብ እስኪጀምር ድረስ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ሲያድግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀን 960 ሚሊ ሊትር አካባቢ ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል። ስለዚህ ክብደቱን በ150 አባዝቼ ውጤቱ ከ960 ከበለጠ 960 ላይ አቆመዋለሁ። ዱቄቱን በተመለከተ ብዙዎቹ ፎርሙላዎች ለ100 ሚሊ ሊትር ወተት ወደ 13 ግራም ዱቄት ይፈልጋሉ። ትክክለኛው ቁጥር ጣሳው ላይ ስለሚጻፍ ሲገዛ ያንን አንብቦ ማስተካከል ነው።

ሁለተኛውን ወር እንይ። በዚያ ወር የሕፃኑን አማካይ ክብደት 5 ኪሎ ብንል በቀን 750 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ይህ 97.5 ግራም ዱቄት ነው፤ በ30 ቀን 2.9 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ላይ 10 በመቶ ለብክነት እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ሕፃኑ መጥባት ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጡጦው ውስጥ የቀረው መደፋት አለበት። ለሚቀጥለው ጊዜ ይቆይ ማለት አይቻልም፤ ከአፉ የገባው ባክቴሪያ ወተቱ ውስጥ ይራባልና። ድምሩ 3.2 ኪሎ ይመጣል፤ ባለ 400 ግራም ጣሳ ከሆነ 8 ጣሳ ማለት ነው።

በዚሁ መንገድ ሲሰላ የመጀመሪያው ወር ከ6 ጣሳ ትንሽ ይበልጣል፤ ሦስተኛው ወደ 10 ይጠጋል። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው በየወሩ ከ10 በላይ ይፈጃል። ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ ስለሚጀመር ክብደቱን ትቼ የቀኑን መጠን ራሱን ነው የማስገባው። ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ወር በቀን 750 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 8 ጣሳ፤ ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው በቀን 600 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከ6 እስከ 7 ጣሳ። የዓመቱ ድምር 98 ጣሳ አካባቢ ነው። አማካዩን ይዞ በየወሩ 8 ጣሳ ያቀደ ቤተሰብ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር በየወሩ ሁለት ጣሳ ይጎድልበታል።

ይህ ጉድለት እንዳይፈጠር አጥብቄ የምይዘው የሚያስከትለው አደጋ ስለሚያሳስበኝ ነው። ወር ሳያልቅ ወተቱ ሲያልቅ ዱቄቱን ቀንሶ ውኃ ማብዛት ይመጣል። ውኃ የበዛበት ወተት ሕፃኑን በቂ ምግብ ያሳጣዋል፤ ከዚያም አልፎ በደሙ ውስጥ ያለውን የሶዲየም መጠን አውርዶ ለሚጥል መንቀጥቀጥ ሊዳርገው ይችላል። ወጪ መቀነስ ካስፈለገ በሌላ መስመር እንጂ በመለኪያ ማንኪያው በኩል መሆን የለበትም። መለኪያውም ከጣሳ ጣሳ ይለያያል፤ አንዱ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር የተሠራ ሲሆን ሌላው ለ60 ይሆናል። ስለዚህ የአንዱን ማንኪያ ወስዶ በሌላው ጣሳ መጠቀም ሒሳቡንም ወተቱንም ያበላሻል። ትልቅ ጣሳ በግራም ሲሰላ ሊረክስ ይችላል፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከተከፈተ በአንድ ወር ውስጥ ማለቅ አለበት። ጡጦ ብቻ ለሚወስድ ሕፃን ይህ አያሳስብም፤ ጡጦን አልፎ አልፎ ለሚወስድ ግን ትንሹ ጣሳ ይሻላል።

ወደ ዳይፐር ስንመጣ ብዛቱና ወጪው አብረው አይሄዱም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ዳይፐር ይቀየርለታል፤ እኔ 10 ይዤ ለመጀመሪያው ወር 300 ጻፍኩ። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ወር በቀን 8፣ እስከ ስድስተኛው 7፣ እስከ ዘጠነኛው 6፣ ከዚያ በኋላ 5 አደረግኩ። የዓመቱ ድምር 2,400 ነው። ይህንን ብቻ ያየ ሰው ወጪው በዓመቱ መጨረሻ በግማሽ ይወርዳል ብሎ ይጠብቃል። ነገር ግን የዳይፐሩ መጠን ትልቅ በሆነ ቁጥር በአንድ ዋጋ በሚሸጠው እሽግ ውስጥ ያለው ብዛት ያንሳል።

ለምሳሌ ዋጋው እኩል የሆነ እሽግ በትንሹ መጠን 60፣ በመካከለኛው 50፣ በትልቁ 40 ዳይፐር ይይዛል እንበል። ሕፃኑ እስከ ሁለተኛው ወር ትንሹን፣ እስከ ስድስተኛው መካከለኛውን፣ ከዚያ ወዲህ ትልቁን ይጠቀም። የመጀመሪያው ወር 5 እሽግ ይፈጃል። ስድስተኛው ወር ላይ 210 ዳይፐር ሲካፈል ለ50 ወደ 4.2 እሽግ ነው። ሰባተኛው ወር ላይ ዳይፐሩ ወደ 180 ሲወርድ እሽጉ ግን ወደ 4.5 ይወጣል። ብዛቱ ቀነሰ፣ ወጪው ጨመረ። ስለዚህ ዋጋ ሲነጻጸር የእሽጉን ሳይሆን የአንዱን ዳይፐር ዋጋ በየመጠኑ ማውጣት ያስፈልጋል።

ዳይፐር አስቀድሞ አከማችቶ መግዛት የሚያከስረው በመጀመሪያዎቹ ሁለት መጠኖች ላይ ነው። ሕፃን በአራትና አምስት ወር ውስጥ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ስለሚያደርስ ትንሹ መጠን ቶሎ ይጠብበታል። እሽጉ ላይ ያለው የኪሎ ክልል በሁለት መጠኖች መካከል ይደራረባል። ለምሳሌ 7 ኪሎ የሆነ ሕፃን በሁለቱም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። መቀየር እንዳለበት የሚያሳየው ታፋውና ወገቡ ላይ የሚቀር ቀይ ምልክት፣ እንዲሁም በአግባቡ ታስሮም ደጋግሞ ማፍሰሱ ነው። የሚያፈስ ዳይፐር ልብስና አንሶላም ስለሚያስቀይር ትንሹን መጠን እስኪያልቅ እንጨርሰው ማለት አያተርፍም። ስለዚህ በእጅ የሚቀመጠው ከሁለት ሳምንት ፍጆታ ባይበልጥ ይመረጣል።

ልብስን በወር አላሰላሁትም፤ ያሰላሁት በሴንቲ ሜትር ነው። ሕፃን ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ዓመት ሲሞላው 75 ይጠጋል። የልብሱ መጠን በ50፣ 56፣ 62፣ 68፣ 74 ሲሄድ በዓመቱ ውስጥ አራትና አምስት ጊዜ ሙሉ ቅያሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ላይ እድገቱ ፈጣን ስለሆነ አንዱ መጠን ለሳምንታት ብቻ ያገለግላል፤ 74 ግን ለወራት ይቆያል። በሠንጠረዡ ላይ የልብስ ወጪ የሚታየው መጠን በሚቀየርባቸው ወራት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ባዶ ናቸው። ከእያንዳንዱ መጠን ስንት እንደሚገዛ የሚወስነው የልብስ አጠባው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ልብስ የሚቀየር ከሆነና በየሁለት ቀኑ የሚታጠብ ከሆነ ስድስት ያስፈልጋል፤ እስኪደርቅ ሁለት ሲጨመር ስምንት። በ50 መጠን ግን ይህን ያህል አልገዛም፤ አንዳንዱ ሕፃን ሲወለድ ጀምሮ 56 ነው የሚለብሰው።

ለጤና ሁለት መስመር አለኝ፤ ቀጠሮ ያለውና ድንገተኛው። የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜና በስድስተኛው ሳምንት እንዲታይ ይመክራል። እንግዲህ የመጀመሪያው ወር ብቻውን ሦስት ምርመራ ይይዛል። የክትባት ቀጠሮ ከአገር አገር ስለሚለያይ ቀኖቹን ከክትባት ካርዱ ላይ ወስዶ በየወሩ ማስገባት ነው። ክትባቱ ያለ ክፍያ ቢሰጥም እንኳ መጓጓዣና ከሥራ የሚቀርበት ቀን በዚያው ወር ላይ መጻፍ አለበት።

ለድንገተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ሁለት፣ ከዚያ በኋላ አራት ምርመራ ያዝኩ። ሁለተኛውን ግማሽ ከፍ ያደረግኩት ሕፃኑ ከእናቱ የወሰደው መከላከያ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ያገኘውንም ነገር ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደግሞ ምንም ቢሆን አይነኩም። ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ሰዓት ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ብር እስኪገኝ ተብሎ የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ስለዚህ ይህ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጣል፤ ወር አለፈ ተብሎም ለዳይፐር አይውልም።

ዋጋው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን ብዛት ሰሞኑን በሚሸጥበት ዋጋ አባዝቼ ወሮቹን ለየብቻ ደመርኩ። ከዚያም ከሁሉ ከባዱን ወር ፈለግኩ። በዚህ ምሳሌ ወተቱ ጣሪያ የሚነካው ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ነው፤ ወደ 68 መጠን ልብስ መሸጋገሪያውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ይወድቃል። ቀድመው የሚገዙት ጡጦ፣ አልጋና የመሳሰሉት አንዴ የሚወጡ ስለሆኑ ከወር ሒሳቡ ውጪ ናቸው፤ የጡጦ ጫፍ ግን ስለሚያልቅ በየሁለትና ሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ይገባል።

ሕፃኑ በተመዘነ ቁጥር የሚቀጥለውን ወር ክብደት አስተካክላለሁ። ከግምቱ ግማሽ ኪሎ ቢበልጥ በቀን 75 ሚሊ ሊትር ይጨምራል፤ ይህም ከ960 በታች እስከሆነ ድረስ በወር አንድ ጣሳ ያህል ወደ ወጪው ያክላል። ክብደቱ ከግምቱ በታች ከሆነ ግን ወተቱን ከመቀነሴ በፊት ሐኪሙን እጠይቃለሁ።