ለቅሶ ቤት ብር የምትጠይቅ ሴትዮ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ምናልባት ዝናቡ ነው። የአጭር ፊልም ክፍላችን ሎግላይን ደግሞ ነገ ይገባል። ማን ነው፣ ምን ይፈልጋል፣ ምን ይከለክለዋል፤ ይሄን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር።

መጀመሪያ «አንዲት እናት ለልጇ የተሻለ ሕይወት ለማምጣት ከኑሮ ጋር ትታገላለች» ብዬ ጻፍኩ። ያምራል፣ ግን የሚቀረጽ ነገር የለውም። ፊልሙ ሲያልቅ ተመልካቹ «አገኘች» ወይም «አላገኘችም» ብሎ መወራረድ ካልቻለ ግቡ ገና ግብ አልሆነም ማለት ነው። ኑሮም መጥቶ በር ላይ አይቆምባትም። ስለዚህ የተሻለውን ሕይወት ወደ ብር ለወጥኩት፤ ያበደረችው ብር አለ፣ እሱን ትፈልጋለች። ለምን አትጠይቅም? ይሉኝታ ይዟት።

እዚህ ጋ ተቸከልኩ። ይሉኝታን ካሜራ የት ያገኘዋል? ፊቷን አቅርቤ ባሳይ ሆዷን የቆረጣት ነው የምትመስለው። ሆድ ውስጥ ያለ እንቅፋት ወደ ውጪ ወጥቶ ሰው ወይም ቦታ መሆን አለበት። ብዙ ከሰረዝኩ በኋላ የመጣልኝ ይሄ ነው፦

«የልጇ ምዝገባ ነገ የሚዘጋባት የጉሊት ነጋዴ ያበደረችውን ብር ዛሬ ማታ መቀበል አለባት፤ ተበዳሪዋ ግን ባሏን ቀብራ ለቀስተኛ መሃል ተቀምጣለች።»

ስም አላስገባሁም። አልማዝ ብላት ምንም አይነግርም፣ የጉሊት ነጋዴ ስላት ግን ብሩ ለሷ ምን እንደሆነ ይገባል። «ነገ» የምትለዋ ብትወጣ ታሪኩ አለቀ፤ ሴትየዋ አርባው እስኪወጣ ትጠብቃለቻ። ብሩን ትቀበል አትቀበል ግን አልጻፍኩም፣ እሱን ፊልሙ ይናገር። ለአስር ደቂቃ ፊልም አንድ ድንኳንና አንድ ማታ ይበቃል። ጠጋ ባለች ቁጥር ሌላ ለቀስተኛ መሃላቸው ይገባል፣ ንፍሮ ያስይዟታል፣ ነይ ሽንኩርት ላጪ ትባላለች፤ እሷም እምቢ አትልም።

ከዚያ ሐሳቤ ሄደ። ይቺ ሴትዮ ክፉ ናት እንዴ? እማዬ ብትሆን ኖሮ ብትሞትም አትጠይቅም። አንዷ ጎረቤታችን ብሯን ሳትመልስላት ሐዘን ደረሰባትና እማዬ እዚያው ወጥ ስትሠራ ሰነበተች። ብሩ ከዚያ ወዲያ በቤታችን ተነስቶ አያውቅም። ደግነት ነበር ወይስ ፍርሃት? እስካሁን አላውቅም፣ ጠይቄያትም አላውቅ።

እኔስ ብሆን? ያ ልጅ ለካሜራ መከራያ ብሎ የወሰደብኝ ብር አለ አይደል። ትናንት ካፌ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ግቡ ግልጽ ነው፣ ድንኳን የለ፣ ለቀስተኛ የለ፣ ምንም እንቅፋት የለ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስንነሳ የማኪያቶውን ሒሳብ ከፈልኩለት።