«በወር 1.5 በመቶ» የተባለው ብድር በዓመት ስንት ያስወጣል?

ታላቅ እህቴ በደብረ ማርቆስ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታቀርባለች። ምርቱ ገብቶ ጤፍ በሚረክስበት በጥር ወር አብዝታ ለመግዛት 60,000 ብር መበደር ፈለገችና የሁለት አበዳሪዎችን ውል ይዛ መጣች። አንደኛው በዓመት 18 በመቶ፣ ሁለተኛው 24 በመቶ ይላል። «ወንድሜ፣ አሥራ ስምንቱ አይሻለኝም?» አለችኝ። እኔ ግን ከመቶኛው በፊት ማወቅ የፈለግሁት ሁለት ነገር ነበር፦ በእጇ የሚገባው ገንዘብ ስንት ነው? በየወሩ የምትከፍለውስ?

በመጀመሪያው ውል ከ60,000 ብር ላይ 3 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ (1,800 ብር) እና 1 በመቶ የሕይወት መድን (600 ብር) አስቀድሞ ይቆረጣል። ስለዚህ የምትቀበለው 57,600 ብር ነው። በየወሩ ከዋናው ዕዳ 5,000 ብር ትመልሳለች፤ በዚያ ላይ የ60,000 ብር 1.5 በመቶ፣ ማለትም 900 ብር ይጨመራል። በጠቅላላው ለ12 ወር በየወሩ 5,900 ብር፣ በድምሩ 70,800 ብር ትከፍላለች።

የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚህ የ900 ብር ቋሚ ክፍያ ላይ ነው። በመጨረሻው ወር በእጇ የሚቀረው የአበዳሪው ገንዘብ 5,000 ብር ብቻ ነው፤ የሚጠየቀው ክፍያ ግን ልክ እንደ መጀመሪያው ወር በ60,000 ብር የተሰላ ነው። የመለሰችውን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ እየተከራየችው ነው ማለት ይቻላል።

ትክክለኛውን ወርኃዊ ወለድ ለማግኘት በመጀመሪያ በወረቀት ሞከርሁ። በ57,600 ብር ተነሥቼ አንድ መቶኛ ገመትሁ፤ በየወሩ የግምቱን ወለድ በቀሪው ዕዳ ላይ ጨምሬ 5,900 ብር ቀነስሁ። ግምቱ ልክ ከሆነ በ12ኛው ወር ዕዳው ዜሮ ላይ ማረፍ አለበት። በ4 በመቶ ስሠራው ወደ 3,570 ብር ዕዳ ተረፈ፤ ስለዚህ ግምቱ በዝቷል። በ3 በመቶ ደግሞ ዕዳው ከዜሮ ወርዶ ወደ 1,610 ብር ትርፍ ተከፈለ፤ ግምቱ አንሷል ማለት ነው። በ3.33 በመቶ የተረፈው 17 ብር ገደማ ብቻ ሆነ። ይህን ለዓመት ለመለወጥ በ12 ማባዛት አይበቃም፤ 1.0333ን 12 ጊዜ በራሱ አባዝቶ 1 መቀነስ ያስፈልጋል። ውጤቱ 48 በመቶ ገደማ ነው። የአገልግሎት ክፍያውና መድኑ ባይኖሩ ኖሮ 37 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር።

ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ኤክሴል ያለው ሰው ይህን ሁሉ አይደክምም። A1 ላይ 57600፣ ከA2 እስከ A13 ድረስ -5900 ጽፎ ይህን ማስገባት ይበቃዋል፦

```
=(1+IRR(A1:A13))^12-1
```

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። `IRR` ለብቻው ሲጻፍ ውጤቱን አጠጋግቶ 3% ብሎ ሊያሳይ ይችላል። የታየውን 3% ወስዶ በእጅ የሚያሰላ ሰው 48 የሚሆነውን 42.6 በመቶ አድርጎ ያገኘዋል። ስለዚህ ቀመሩን እንዳለ መተው፣ ወይም ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች ማብዛት ይገባል።

የሁለተኛው አበዳሪ ወለድ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው፤ በወር 2 በመቶ። የአገልግሎት ክፍያው 1 በመቶ ስለሆነ እህቴ 59,400 ብር ተቀብላ በየወሩ 5,674 ብር ገደማ ትከፍላለች። በተመሳሳይ መንገድ ስሠራው 29.3 በመቶ ወጣ። «ውድ» የመሰላት ብድር በእጇ ብዙ ያስገባል፣ ወርኃዊ ክፍያውም በ226 ብር ገደማ ያንሳል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስታያቸው መቶኛውን ማስረዳት እንኳ አላስፈለገኝም።

ይህ ማለት ግን ቋሚ ክፍያ ሁልጊዜ ይህን ያህል ይከብዳል ማለት አይደለም። አንድ የቡሬ ገበሬ ያንኑ 60,000 ብር በመጀመሪያው ውል ተበድሮ ሙሉውን 70,800 ብር በዓመቱ መጨረሻ በቆሎውን ሸጦ በአንድ ጊዜ ቢከፍል፣ ወጪው 22.9 በመቶ ብቻ ነው፤ ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ በእጁ ነበርና። ድምሩ ከእህቴ ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የመክፈያው ጊዜ ነው። ስለዚህ የመክፈያ ሰሌዳውን ያላየሁትን ብድር ርካሽ ወይም ውድ አልለውም።

የግዴታ ቁጠባ ያለበት ውል ከሆነ፣ የሚቆጠበው በየወሩ ክፍያ ላይ ይደመራል፤ በመጨረሻ የሚመለሰው ደግሞ በተመለሰበት ወር እንደ ገቢ ይገባል። ከመፈረም በፊት አንድ ጥያቄም መጠየቅ ይገባል፦ ዕዳውን በስድስተኛው ወር ብዘጋ የቀሪዎቹ ወራት ቋሚ ክፍያ ይቀርልኛል? የማይቀር ከሆነ ቀድሞ መዝጋት ወጪውን ከ48 በመቶም በላይ ያወጣዋል፤ አስቀድሞ የተቆረጠው 2,400 ብርም ባጠረ ጊዜ ላይ ያርፋል። እህቴ ይህንኑ ጥያቄ ለሁለተኛው አበዳሪ አቅርባ፣ የቀሪዎቹ ወራት ወለድ እንደማይጠየቅ በውሉ ላይ ካስጻፈች በኋላ ፈረመች።