በአራተኛው ቤት የቀረው ኤክስ

የአምስቱን ቤቶች እንቆቅልሽ ለመፍታት ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል። ከሦስቱ ሁለቱ የባከኑት በአንዲት ሳጥን ውስጥ በቀረች አንዲት የኤክስ ምልክት ምክንያት ነው። ጊዜው ባልቆጨኝ ነበር። የሚያንገበግበኝ በሁለተኛው ምሽት ለእህቴ ልጅ «ጥያቄው ራሱ የተበላሸ ነው፤ መልስ የለውም» ማለቴ ነው። ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ጥያቄውን ያመጣችውም ከክፍሏ ነው። በማግስቱ መምህሯ ፊት ቆማ «አጎቴ የሂሳብ ባለሙያ ነው፤ ጥያቄው ስህተት ነው ብሏል» አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሰንጠረዥ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጥያቄው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 1962 ላይፍ ኢንተርናሽናል መጽሔት ላይ የወጣው ነው። አንስታይን በልጅነቱ የፈጠረው ነው እየተባለ ይወራል፤ ማስረጃ ግን የለውም። በጥያቄው ውስጥ ስሙ ያለው ኩል የተባለው ሲጋራ ገበያ ላይ የዋለው በ1933 ነው፤ ያኔ አንስታይን ከሃምሳ ዓመት በላይ ነበር። አምስት ቤቶች ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድረዋል። የእያንዳንዱ ቤት ቀለም፣ የነዋሪው ዜግነት፣ መጠጡ፣ ሲጋራውና እንስሳው ከሌላው ይለያል። ፍንጮቹ እነዚህ ናቸው፦

1. እንግሊዛዊው በቀዩ ቤት ይኖራል።
2. ስፔናዊው ውሻ አለው።
3. በአረንጓዴው ቤት ቡና ይጠጣል።
4. ዩክሬናዊው ሻይ ይጠጣል።
5. አረንጓዴው ቤት ከነጩ ቤት ቀጥሎ በስተቀኝ ነው።
6. ኦልድ ጎልድ የሚያጨሰው ቀንድ አውጣ ያረባል።
7. በቢጫው ቤት ኩል ይጨሳል።
8. በመካከለኛው ቤት ወተት ይጠጣል።
9. ኖርዌያዊው በመጀመሪያው ቤት ይኖራል።
10. ቼስተርፊልድ የሚያጨሰው የባለ ቀበሮው ጎረቤት ነው።
11. ኩል የሚጨስበት ቤት ፈረስ ካለበት ቤት ጋር ጎረቤት ነው።
12. ላኪ ስትራይክ የሚያጨሰው የብርቱካን ጭማቂ ይጠጣል።
13. ጃፓናዊው ፓርላመንት ያጨሳል።
14. ኖርዌያዊው የሰማያዊው ቤት ጎረቤት ነው።

ውሃ የሚጠጣው ማን ነው? የሜዳ አህያስ ያለው ማን ነው? (ነጭ ያልኩት በመጀመሪያው ጽሑፍ የዝሆን ጥርስ ቀለም ነው፤ ለሰንጠረዥ ስለሚረዝም አሳጠርኩት።)

አሠራሩ ቀላል ነው። አምስት ዓምድ ለቤቶቹ፣ አምስት ረድፍ ለዓይነቶቹ። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ሊሆኑ የሚችሉትን አምስቱንም በትንንሹ ጽፎ፣ የማይሆነውን በኤክስ መሰረዝ ነው። ቃላቱን በመጀመሪያ ፊደላቸው ለማሳጠር የሚያስብ ካለ ይተወው። በእንስሳቱ ረድፍ ቀበሮም ቀንድ አውጣም «ቀ» ናቸው፤ እኔ የመጀመሪያውን ወረቀት ያበላሸሁት በዚሁ ነው።

የጎረቤት ፍንጮችን አያያዝ ግን ማንም አልነገረኝም። እንዲህ ያለው ፍንጭ ብዙውን ጊዜ ወዲያው መልስ አይሰጥም፤ የሚሰጠው መሰረዣ ነው። አንድ ነገር በአንድ ቤት ሊሆን የሚችለው ጓደኛው ከግራው ወይም ከቀኙ ባለው ቤት አሁንም የሚቻል ከሆነ ብቻ ነው። ጓደኛው ከሁለቱም ጎን ከተሰረዘ እርሱም ይሰረዛል። ጎረቤታሞች በአንድ ቤት ስለማይኖሩ ያንንም ማሰብ ያስፈልጋል። ጠርዝ ላይ ያሉት ቤቶች ደግሞ ጎረቤታቸው አንድ ብቻ ስለሆነ ሥራውን ያቀሉታል። ኖርዌያዊው ቤት 1 ስለሆነ ሰማያዊው ያለ ምንም ክርክር ቤት 2 ነው። በፍንጭ 5 ደግሞ አረንጓዴው ቤት 1 አይሆንም፣ ነጩም ቤት 5 አይሆንም። «ቀጥሎ በስተቀኝ» ማለት ተጣብቆ ማለት እንጂ በስተቀኝ የሆነ ቦታ ማለት አይደለም፤ ቀኝ የሚባለውም የአንባቢው ቀኝ እንደሆነ መጽሔቱ ራሱ ገልጾ ነበር። ከሁሉም በላይ፣ የጎረቤት ፍንጭን አንድ ጊዜ ተጠቅማችሁበት «አልቋል» ብላችሁ እንዳትሰርዙት። ፍንጭ 10ን እኔ ሦስት ጊዜ ተመልሼበታለሁ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም እየተገፋ ሄደ። ሰማያዊው ቤት 2 ስለሆነ ነጭና አረንጓዴ ወይ 3 እና 4፣ ወይ 4 እና 5 ናቸው። ቤት 1 ቀይ አይሆንም፣ ኖርዌያዊ አለበትና፤ ስለዚህ ቢጫ ነው። ሲጋራው ኩል፣ የጎረቤቱ የቤት 2 እንስሳ ፈረስ ሆነ። ቤት 1 ውስጥ ቡና፣ ሻይ፣ ወተትና ጭማቂ ሁሉም ስለተሰረዙ ውሃ ብቻ ቀረ፤ አንዱ ጥያቄ እዚሁ ተመለሰ። ቤት 2 ቀይ ስላልሆነ እንግሊዛዊ የለበትም፣ ፈረስ ስላለበት ስፔናዊም የለበትም። ጃፓናዊ ቢሆን ፓርላመንት ስለሚያጨስ ጭማቂ አይጠጣም፣ ሻይም የእርሱ አይደለም፤ የሚጠጣው ነገር ያጣል። ስለዚህ ዩክሬናዊው ነው፤ ከነሻዩ። ሲጋራው ደግሞ በማጥፋት ቼስተርፊልድ ሆነ። ሰንጠረዡ ይህን መሰለ፦

| | 1 | 2 | 3 | 4 | 5 |
|---|---|---|---|---|---|
| ቀለም | ቢጫ | ሰማያዊ | ነጭ/ቀይ | አረንጓዴ/ነጭ | ቀይ/አረንጓዴ |
| ዜግነት | ኖርዌይ | ዩክሬን | እንግሊዝ/ስፔን/ጃፓን | ስፔን/ጃፓን | እንግሊዝ/ስፔን/ጃፓን |
| መጠጥ | ውሃ | ሻይ | ወተት | ቡና/ጭማቂ | ቡና/ጭማቂ |
| ሲጋራ | ኩል | ቼስተርፊልድ | ኦልድ ጎልድ/ፓርላመንት | ገና ሦስት | ገና ሦስት |
| እንስሳ | ቀበሮ/የሜዳ አህያ | ፈረስ | ገና አራት | ገና ሦስት | ገና ሦስት |

እዚህ ላይ ቆመ። ፍንጮቹን ደጋግሜ ባነብም አንዲት ምልክት እንኳ የምታንቀሳቅስ አጣሁ።

ከዓመታት በፊት ለሥራ ፈተና ዝግጅት በወሰድኩት አጭር ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ሲጨንቃችሁ አንዱን ገምቱና ቀጥሉ፤ ካልሆነ ትመለሳላችሁ» ይለን ነበር። መመለሱ እንዴት እንደሚሆን ግን አንድም ቀን አላሳየንም። እኔም ሰምቼ ገመትኩ፤ ቤት 3 ነጭ ይሁን አልኩ። በዚያው ወረቀት፣ በዚያው እርሳስ። ቤት 4 አረንጓዴ ሆነ፤ ቡና ጻፍኩበትና ጭማቂን በኤክስ ሰረዝኩ። ቤት 5 ቀይ፣ እንግሊዛዊው፣ ጭማቂው፣ ላኪ ስትራይክ። ለቤት 3 እና 4 ስፔናዊውና ጃፓናዊው ቀሩ። ጃፓናዊው ፓርላመንት ስለሚያጨስ ኦልድ ጎልድ የስፔናዊው ሆነ፤ ኦልድ ጎልድ ደግሞ ከቀንድ አውጣ ጋር ነው፤ ስፔናዊው ግን ውሻ ነው ያለው። ግምቱ ፈረሰ።

መፍረሱ ጥሩ ነገር ነበር፤ ቤት 3 ነጭ እንዳልሆነ ነግሮኛል። በዚያች ደቂቃ ቤት 3 ቀይ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ደክሞኝ ስለነበር «ሁሉንም ልመልሰውና ነገ በንጹሕ አእምሮ አየዋለሁ» አልኩ። ላጲስ አንሥቼ ስሞቹን አጠፋሁ፣ ኤክሶቹንም አጠፋሁ። በሂሳብ መዝገብ ላይ ላጲስ ማንሣት ነውር መሆኑን ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔው ነኝ! ከየትኛው የፍንጭ፣ ከየትኛው የግምት እንደሆነ የሚለይ ነገር በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ የቤት 4ን ቡና ሳጠፋ በጭማቂው ላይ ያለው ኤክስ ቀረ።

በማግስቱ ምሽት ወረቀቱን ስከፍት እንደ በራ ብርሃን ሆነልኝ። ጭማቂ ከቤት 4 ተሰርዟል፤ በ1፣ በ2 እና በ3 ሌላ መጠጥ አለ። እንግዲያው ቤት 5 ነው! ቡና ቤት 4፣ አረንጓዴ ቤት 4፣ ነጭ ቤት 3፣ እያለ እያለ እዚያው ቀንድ አውጣና ውሻ ላይ ወሰደኝ። አሁን ግን ግምት አልነበረም፤ በእርግጠኝነት የደረስኩበት ነው ብዬ አመንኩ። ሁለት ጊዜ ከጭማቂው ጀምሬ ፈተሽኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው ነው። ኤክሱን ግን አልፈተሽኩትም። ያን ጊዜ ነው ጥያቄውን የተበላሸ ያልኩት።

በሦስተኛው ምሽት ልጅቷ ከመምህሯ ጋር ተነጋግራ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። መምህሩ የሰጣት መልስ «አጎትሽ እያንዳንዱን ኤክስ ከየት እንዳመጣው ይንገርሽ» የሚል ብቻ ነበር። ጣቷን እየጠቆመች ጀመረች። «ጋሼ፣ ይሄ?» ፍንጭ 8። «ይሄስ?» ፍንጭ 13። ቤት 4 ጭማቂው ላይ ስትደርስ አሥራ አራቱንም ፍንጮች ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አንድም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ኤክስ አልጽፍም፤ በቦታው የፍንጩን ቁጥር እጽፋለሁ። ቁጥር ላገኝለት የማልችለው መሰረዣ ወረቀቴ ላይ አይገባም። መገመት የግድ ከሆነ ሰንጠረዡን በሌላ ወረቀት ገልብጬ እዚያ እገምታለሁ፤ ሲፈርስ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ አንድ መሰረዣ ብቻ ወደ ዋናው ይመለሳል።

ይህ ጥያቄ ግን መገመት እንኳ አያስፈልገውም ነበር፤ እርሱን ያየነው በዚያው ምሽት ነው። የቤቶቹ ሰንጠረዥ ነገሮችን የሚያውቃቸው በቦታቸው ብቻ ነው። «ስፔናዊው ኦልድ ጎልድ አያጨስም» የሚለውን፣ ስፔናዊው የት እንደሚኖር እስካልታወቀ ድረስ፣ የሚጻፍበት ሳጥን የለውም። ስለዚህ ከጎኑ ሁለተኛ ትንሽ ሰንጠረዥ ሠራን፤ በአንድ በኩል አምስቱ ሰዎች፣ በሌላ በኩል አምስቱ ሲጋራዎች። ኖርዌያዊው ኩል፣ ዩክሬናዊው ቼስተርፊልድ፣ ጃፓናዊው ፓርላመንት። ስፔናዊው ውሻ ስላለው ኦልድ ጎልድ የእንግሊዛዊው ነው፤ ላኪ ስትራይክና ጭማቂው የስፔናዊው። ሻይ የዩክሬናዊው፣ ውሃ የኖርዌያዊው ስለሆነ ለእንግሊዛዊውና ለጃፓናዊው ወተትና ቡና ቀሩ። ቡና የአረንጓዴው ቤት ነው፤ እንግሊዛዊው ደግሞ በቀዩ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ወተት የእርሱ፣ ቤቱም 3። ነጩ 4፣ አረንጓዴው 5 ሆኑ። ቀበሮው በፍንጭ 10 መሠረት ወይ ቤት 1 ወይ ቤት 3 ነው፤ ቤት 3 ቀንድ አውጣ ስላለበት ቀበሮው የኖርዌያዊው ሆነ። የሜዳ አህያው በቤት 5 የጃፓናዊው ነው። ጭማቂው የሚጠጣው ደግሞ ቤት 4 ነበር፤ ያ ኤክስ በተቀመጠበት ሳጥን።

ከትንሹ ሰንጠረዥ በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳ አልወሰደም። አሮጌውን ወረቀት ልቀደው ስል ልጅቷ ነጠቀችኝ። አሁን በደብተሯ ሽፋን ውስጥ አለ፤ ኤክሱን በቀይ እስክሪብቶ ከብባዋለች።