ድምፁን ሰማሁ እንጂ ሲወድቅ አላየሁም

ትናንት ከሰዓት በኋላ እኔ በምሠራበት የድሬዳዋ መጋዘን ውስጥ አንድ ወጣት የጫኝና አውራጅ ሠራተኛ ወድቆ ተጎዳ። ዛሬ ጠዋት የመጋዘኑ ኃላፊ ጠርተው «ቅርብ የነበርከው አንተ ነህ፤ ያየኸውን ጻፍልን» በማለት የአደጋ ሪፖርት ቅጽ ሰጡኝ። ቅጹ ላይ «አደጋው እንዴት ደረሰ?» ከሚለው ጥያቄ ሥር አምስት ባዶ መስመሮች አሉ። እነሱን ለመሙላት ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም። ልፈርም ስል ግን የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩና ብዕሩን አስቀመጥኩ።

የጻፍኩት ይህ ነበር፦ «ሠራተኛው ከስኳር ጆንያ ድርድሩ ላይ በጥድፊያ ሲወርድ፣ ወለሉ ላይ ፈስሶ የነበረ ዘይት አንሸራቶት በጀርባው ወደቀ። ራሱንም ስቶ ነበር። ጫት ሲቅም የዋለ ይመስላል።» ሲነበብ ግልጽና የተሟላ ይመስላል፤ ከውስጡ እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ከግማሹ ያነሰ ነው።

በዚያ ሰዓት የነበርኩት በመጋዘኑ በር አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙቀቱ ስለከበደ ትልቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፊቴም ወደ ውጭ፣ ዕቃ ወደሚያራግፈው ተሳቢ ዞሮ ነበር። የስኳሩ ድርድር ከጀርባዬ በ12 እርምጃ ርቀት ላይ ይገኛል፤ ርቀቱን ዛሬ በእግሬ ለክቼዋለሁ። በተረከብኳቸው ጆንያዎች ቁጥር ላይ ምልክት እያደረግሁ ሳለ አንድ ከባድ ነገር ሲያርፍ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ የፕላስቲክ መሰንጠቅ የሚመስል ሌላ ድምፅ ተከተለ። ስዞር ልጁ መሬት ላይ ነበር። እንግዲህ መውደቁን አላየሁም ማለት ነው፤ ያየሁት ወድቆ ነው።

ይህን ልዩነት ከራሴ ጋር ሳልታገል አልተቀበልኩትም። ትናንት ማታ ነገሩን ለቤተሰቤ ስተርክ፣ ልጁ እግሩ ከድቶት በአየር ላይ ሲገለበጥ በዓይኔ ላይ ይሄድ ነበር። ምስሉ በጣም ጥርት ያለ ስለነበረ እውነት መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ዛሬ ጠዋት ግን ቁጭ ብዬ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። መጀመሪያ መሬት የነካው የትኛው እጁ ነው? ፊቱ ወደ በሩ ነበር ወይስ ወደ ግድግዳው? ጮኋል? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። መሬት ላይ ከተኛ በኋላ ስላለው ሁኔታ ሲሆን ግን መልሱ ሳልፈልገው ይመጣል፦ በቀኝ ጎኑ ተኝቷል፣ ቀኝ እጁ ከሥሩ ገብቷል፣ አንድ የተቀደደ የስኳር ጆንያ ከጉልበቱ አጠገብ ወድቋል። «በጀርባው ወደቀ» ብዬ የጻፍኩት በጎኑ የተኛውን ልጅ በዓይኔ አይቼ ነው! አእምሮዬ በድምፁና በምስሉ መካከል የጎደለውን ከራሱ አምጥቶ ሞልቶታል፤ የሞላውም አንድ ሰው ሲንሸራተት እንዴት እንደሚወድቅ ከዚህ በፊት በማውቀው ነው።

የዘይቱ ነገር ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ አሳስቦኛል። ከድርድሩ ጎን 20 ሊትር የሚይዙ የምግብ ዘይት ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ልጁ ጋ ስደርስ ወለሉ ላይ ዘይት ነበር፤ ይህን በእርግጥ አይቻለሁ። ከተሳቢው ላይ ዘሎ የመጣው ባልደረባችን «አቦ፣ ዘይቱ ነው የጣለው! አየኸው አይደል?» አለኝ፤ እኔም «አዎ» አልኩት። ዛሬ ጠርቼ «ሲንሸራተት አይተኸው ነበር ወይ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔማ ስደርስ ዘይቱን አየሁ፤ አንተም አዎ አልከኝ» ብሎ መለሰልኝ። እሱ የእኔን «አዎ» ምስክር አድርጓል፤ እኔ ደግሞ የእሱን ጩኸት። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ስለተናገሩ ሁለት ማስረጃ ያለ ይመስላል፤ ስንመረምረው ግን አንዳችንም ያየነው ነገር የለም።

ዘይቱ ከመውደቁ በፊት ነበረ ወይስ በመውደቁ ምክንያት ፈሰሰ የሚለውን ለመለየት፣ ከትዝታዬ ውስጥ ያየሁትን ብቻ መልቀም ነበረብኝ። አንደኛው ነገር፣ ልጁ አጠገብ ተንበርክኬ ሳለሁ የዘይቱ ጠርዝ ወደ ግድግዳው በኩል እየሰፋ ይሄድ ነበር፤ የሱሪዬን ጉልበት እስኪነካ ድረስ ተመልክቼዋለሁ ማለት እችላለሁ። አንድ ጀሪካን በጎኑ ወድቆ ከአንገቱ አካባቢ ተሰንጥቋል፤ ዘይቱም ከዚያ ይወጣ ነበር። ሁለተኛው ጫማው ነው። እግሩን ለማየት የግራ ሸራ ጫማውን ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ሶሉን ሳዞረው በአቧራና በስኳር ደቃቅ ነጭ ሆኗል፤ በጣቴ ስዳብሰውም ደረቅ ነበር። የቀኙን ጫማ አላወለቅሁም፤ ሶሉንም አላየሁም። ስለዚህ ዘይት ረግጦ አልተንሸራተተም ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ምናልባት በቀኝ እግሩ ረግጦ ይሆናል። መጻፍ የምችለው የግራው ሶል ደረቅ እንደነበርና ዘይቱ እኔ ስደርስ ገና እየፈሰሰ እንደነበር ነው። ከዚህ ተነስቶ የሚደርስበትን መደምደሚያ መርማሪው ይድረስበት።

ይህ ከቃላት ጨዋታ ያለፈ ነገር ነው። ልጁ ወለሉ ላይ ተንሸራቶ ከሆነ የሚጠየቀው ዘይቱን ማን አፈሰሰ፣ ለምን ሳይጠረግ ቆየ የሚለው ነው። ከድርድሩ ላይ ወድቆ ከሆነ ግን የሚመረመረው የጆንያው አደራደርና ያለ መሰላል የመውጣት ልማዳችን ነው። በእኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ወለሉ ተጠርጎ ድርድሩ እንዳለ ቢቀር፣ ነገ ሌላ ልጅ እዚያው ላይ ይወጣል። ዛሬ ድርድሩን በሜትር ስለካው 2 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ትናንት ግን ለሰዉ ሁሉ «ከ4 ሜትር ነው የወደቀው» ስል ነበር። ደግሞም የለካሁት የድርድሩን ቁመት እንጂ እሱ በዚያች ቅጽበት የቆመበትን አይደለም። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ዕቃ መቁጠር ከመጀመሬ በፊት ሲሆን፣ ያኔ ከላይ ቆሞ ነበር።

ስለ ጫቱ የጻፍኩትን ሳስብ ግን አፍራለሁ። ያየሁት ከድርድሩ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ ጥቂት ቅጠል የቀረበት ፌስታል ነው። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጁ ሲቅም አላየሁም፤ በዚያ ድርድር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ቢያንስ አራት ሰዎች ሠርተዋል። በከተማችን ከሰዓት በኋላ የጫት ፌስታል ማየት እንግዳ ስላልሆነ፣ ፌስታሉን ከልጁ ጋር ማገናኘት ቀለለኝ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው፤ ሆኖም ሠራተኛው ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር በማይችልበት ሁኔታ ሰክሮ ሥራ ላይ ተገኝቶ ከሆነ፣ ወይም አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ጥሶ ከሆነ፣ ጉዳቱን ሆነ ብሎ በራሱ ላይ እንዳደረሰው ይቆጠርና አሠሪው ከኃላፊነት ይወጣል። ጫት ከዚህ ውስጥ ይገባል አይገባም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ክርክሩ እንዲነሣ ግን የእኔ «ይመስላል» ትበቃ ነበር። እጁ የተሰበረ የቀን ሠራተኛ ካሳውን የሚያጣው፣ እኔ የማን መሆኑን በማላውቀው ፌስታል ሊሆን ነበር። «በጥድፊያ» የሚለውም ቃል ከዚሁ የሚመደብ ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቼው ሳለ ይጣደፍ እንደነበር በምን አወቅሁ?

«ራሱን ስቶ ነበር» የሚለውንም ወደ ያየሁት መለስኩት፦ ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ ሁለት ጊዜ በስሙ ስጠራው አልመለሰም፤ በሦስተኛው ትከሻውን ስነካው ዓይኑን ገልጦ «እጄን» አለ። ሐኪም ቢጠይቀኝ የሚጠቅመው ይህ ነው። ለሦስት ተሸክመን ባጃጅ ውስጥ ስናስገባው አንገቱን እንዳንቀሳቅስ ማናችንም አለማሰባችንንም ጽፌዋለሁ፤ አድርገነዋልና።

ሰዓቱን ደግሞ «9 ሰዓት ገደማ» ብዬ ነበር። ስልኬ ላይ ባጃጁን የጠራሁበት ደቂቃ 3:17 ይላል፤ ስለዚህ «በስልኬ ሰዓት 3:17፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9:17 ላይ ደወልኩ፤ መውደቁ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው» ብዬ አስተካከልኩ። የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀምኩ ባልጽፍ፣ ከሆስፒታሉ ካርድ ጋር ሲያስተያዩት የ6 ሰዓት ልዩነት ይገኝ ነበር።

ሪፖርቱን ከማስረከቤ በፊት ልጁን ለመጠየቅ ሄድኩ። የቀኝ እጁ አንጓ በጄሶ ታስሯል። ስለ ሪፖርቱ ሳልጠይቀው ራሱ ጀመረልኝ፤ «ጋሼ፣ ከላይኛው ረድፍ ጆንያውን ሳብ ሳደርገው ከሥሩ ያለው አብሮ ተነሣ፤ ከዚያ በኋላ የማውቀው የለም» አለኝ። ይህን ስሰማ ሁሉም ነገር የገጠመ መሰለኝ፦ የተቀደደው ጆንያ፣ የደረቀው ሶል፣ የተሰነጠቀው ጀሪካን። አሁን ደግሞ አዲስ ምስል ዓይኔ ላይ መሄድ ጀምሯል፤ ጆንያው ሲነሣ፣ ልጁ አብሮት ሲመጣ። ይሄኛውንም ግን አላየሁትም። ስለዚህ ከሪፖርቱ ጋር ሳልቀላቅለው፣ በሌላ ወረቀት ላይ መቼና የት እንደነገረኝ ጠቅሼ ቃሉን እንዳለ አሰፈርኩት።

የተስተካከለውን ሳስረክብ ኃላፊው አንብበው «ታዲያ ምን ጣለው ልበል?» አሉኝ። «እኔ አላየሁም» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ያ ጫማ የት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከትናንት ጀምሮ ከጠረጴዛዬ ሥር ነበር፤ አውጥቼ ሶሉን ሳልነካ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት፤ በላዩም ቀኑን፣ ከየትኛው እግር እንደወለቀና ያወለቅሁት እኔ መሆኔን ጽፌ ሰጠኋቸው። የቀኙን ማን እንዳወለቀው ነገ ጠዋት እጠይቃለሁ።